ማስታወቂያው ፌስቡክ ላይ፣ ሽያጩ ቻት ውስጥ፦ የትኛው ማስታወቂያ እንደሸጠ እንዴት ይለካል?

ደብረ ብርሃን ላይ የመንዝ በርኖስ የሚሸጥ አንድ ሱቅ እናስብ። ገዢዎቹ በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው። ሱቁ ፌስቡክ ላይ ማስታወቂያ ይለቃል፤ ያየው ሰው ቁልፉን ይጫንና ሜሴንጀር ላይ ዋጋ ይጠይቃል። ከዚያ ወሬው ወደ ቴሌግራም ወይም ወደ ስልክ ይዞራል፣ ብሩ በቴሌብር ወይም በባንክ ይገባል፣ በርኖሱ በፌስታል ታስሮ ከመናኸሪያ በሚኒባስ ይላካል። ፌስቡክ ከዚህ ሁሉ የሚያየው የመጀመሪያዋን መልእክት ነው። ከዚያ ወዲያ ብሩ ይግባ አይግባ አያውቅም።

ስለዚህ «ይህ ማስታወቂያ ጥሩ ነው» ሲል «ይህ ማስታወቂያ ብዙ ሰው ያስጽፋል» ማለቱ ነው። ማስጻፍና መሸጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ አይገናኙም። ከዚህ በታች ያለው መንገድ ሁለቱን ለመለየት የሚያስፈልገው አንድ የኤክሴል ወይም የጉግል ሺት ገጽ፣ ሁለት ቁጥሮች እና በየቀኑ ሩብ ሰዓት ያህል ሥራ ነው።

መጀመሪያ፦ ፌስቡክ የሚቆጥረው ምኑን ነው?

`Ads Manager` ውስጥ `Messaging conversations started` የሚለው ዓምድ ከማስታወቂያው የተነሡ ንግግሮችን ይቆጥራል። ግን አዲስ ሰው ብቻ አይደለም የሚቆጠረው። ከዚህ በፊት የጻፈልዎ ሰው ለ7 ቀን ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ በማስታወቂያው በኩል ተመልሶ ቢጽፍ እንደገና እንደ ተጀመረ ንግግር ይያዛል። አምና በርኖስ የገዛ ደንበኛ ዘንድሮ «ሌላ ቀለም አለ?» ብሎ ቢገባም እዚሁ ይደመራል። ስለዚህ ይህ ቁጥር የአዲስ ደንበኛ ቁጥር አይደለም፤ የሽያጭ ቁጥር መሆኑማ ጭራሽ ይቅር።

ማስታወቂያው በቀጥታ ወደ ቴሌግራም የሚወስድ ከሆነ ደግሞ ይህም የለም። ፌስቡክ ቴሌግራምን እንደ ማንኛውም ሊንክ ስለሚያየው የሚነግርዎ የተጫኑትን ሰዎች ብዛት ብቻ ነው። በመካከል ብዙ ሰው ይቀራል፤ ሊንኩ ፌስቡክ ውስጥ ባለው አሳሽ ይከፈትና ሌላ ቁልፍ ተጭነው ወደ ቴሌግራም እንዲያልፉ ይጠይቃቸዋል። 300 ሰው ተጭኖ 90 ሰው ቢጽፍልዎ አይደንግጡ፤ ግን 300 ደንበኛ መጣ ብለውም አይቁጠሩ። ጎብኚው ከየት እንደመጣ እንዲናገሩ በሊንኩ ላይ የሚቀጠሉት የ`utm` ምልክቶችም እዚህ አይሠሩም፤ እነሱን የሚያነባቸው የራስዎ ድረ ገጽ ሲኖር ነው።

ኮዱን ከመጀመሪያው መልእክት ጋር ማሰር

ሥራው ሁሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፦ እያንዳንዱ ንግግር ከየትኛው ማስታወቂያ እንደመጣ በጽሑፍ መታወቅ አለበት። ደንበኛውን ከጊዜ በኋላ መጠየቅ አይሠራም። «የት አይተውን ነው?» ቢሉት መልሱ «ፌስቡክ ላይ» ነው፤ እሱን እርስዎም ያውቁታል።

ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ ሁለት አኃዝ ያለው ቁጥር ይስጡ። እዚህ 41 እና 42 እንላቸዋለን። ከፊደል ቁጥር ይሻላል፤ በስልክም ለመናገር ይቀላል፣ ሃሌታው «ሀ» ከሐመሩ «ሐ» ጋር አይምታታም። (ጫማ የሚሸጥ ሰው ግን 41ን አይጠቀም፤ የእግር ቁጥር መስሎት የሚመልስ ደንበኛ ይኖራል።)

ለሜሴንጀር ማስታወቂያ ሲያዘጋጁ `Message template` በሚለው ቦታ ደንበኛው ጣቱን ብቻ አሳርፎ የሚልካቸውን ጥያቄዎች መጻፍ ይቻላል። ኮዱ የሚገባው እዚያ ነው። ለመጀመሪያው ማስታወቂያ «የበርኖሱን ዋጋና መጠን ይላኩልኝ 41»፣ ለሁለተኛው «የበርኖሱን ዋጋና መጠን ይላኩልኝ 42» ብለው ይጻፉ። ከቁጥሩ በስተቀር ቃሉ አንድ ዓይነት ይሁን፤ ጥያቄውም ከተለያየ ልዩነቱ ከማስታወቂያው ይሁን ከጥያቄው አይታወቅም። አንዳንዱ ደንበኛ የተዘጋጀውን ትቶ የራሱን ይጽፋል። እንዲህ ሲሆን የገጹን ኢንቦክስ ከፍተው ከንግግሩ ራስ ላይ ሰውየው ከየትኛው ማስታወቂያ እንደመጣ የሚያሳየውን ምልክት ይዩና ኮዱን ራስዎ ይሙሉ።

ለቴሌግራም ሊንኩ ራሱ ጽሑፉን ይዞ ይከፈታል፦

```
https://t.me/USERNAME?text=42
```

`USERNAME` ባለበት የሱቁን መለያ ያስገቡ። ደንበኛው ሲጫን የእርስዎ ቻት ይከፈትና መጻፊያው ላይ 42 ተጽፎ ይጠብቀዋል። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ማስገባትም ይቻላል፤ ግን ሊንክ ውስጥ አንድ የግዕዝ ፊደል ወደ 9 ምልክት ስለሚቀየር («ሰ» ለምሳሌ `%E1%88%B0` ይሆናል) ሊንኩ ተንዛዝቶ ሲቀዳ ይቆረጣል። ቁጥሩ ብቻ ይበቃል። ጉድለቱ ደንበኛው ሊያጠፋው መቻሉ ነው። ይህን የማይፈልግ ሱቅ ቦት ያቁም፤ በሚከተለው ሊንክ የገባ ሰው `START` ሲል ቦቱ `/start 42` ብሎ ይቀበላል፣ ደንበኛው ኮዱን ሊነካው አይችልም።

```
https://t.me/USERNAME_bot?start=42
```

አሁን ኮድ በብዛት ወደሚጠፋበት ቦታ እንምጣ። ደንበኛው ሜሴንጀር ላይ ጀምሮ ሻጩ «ፎቶዎቹን በቴሌግራም ልላክልዎት» ይለውና ስልክ ቁጥር ይሰጠዋል። ቴሌግራም ላይ የሚመጣው ሰው እንግዲህ ሌላ ስም ያለው፣ ፎቶ የሌለው፣ «ሰላም» ብቻ የሚል ነው። ከሜሴንጀሩ ሰው ጋር ማን ያገናኘዋል? መፍትሔው ስልክ ቁጥር አለመስጠት ነው። ሲያዛውሩት ከላይ ያለውን ሊንክ በሱው ኮድ ይላኩለት፤ 41 ይዞ የመጣው 41 ይዞ ይሻገራል።

የሚደውልም አለ። ማስታወቂያው ላይ ስልክ ከተጻፈ ከአርባ ዓመት በላይ ያለው ደንበኛ መጻፍ ትቶ ይደውላል። እሱን «ቪዲዮውን ነው ወይስ ፎቶውን ያዩት?» ብለው ይጠይቁት። ለዚህ ሁሉም ሰው መልስ አለው። ሁለቱ ማስታወቂያዎች በዓይን የሚለዩ እንዲሆኑ አስቀድመው ቢያስቡበት ይህ ጥያቄ ይቀላል።

ደብተሩ

ገጹ ላይ አንድ ረድፍ ለአንድ ሰው ነው፣ ለአንድ መልእክት አይደለም። ዓምዶቹ ስምንት ናቸው፦ ሀ. ንግግሩ የተጀመረበት ቀን፤ ለ. ኮድ፤ ሐ. የገባበት መንገድ (ሜሴንጀር፣ ቴሌግራም፣ ስልክ)፤ መ. መለያ ስም ወይም የስልኩ የመጨረሻ 4 አኃዝ፤ ሠ. ሁኔታ፤ ረ. የክፍያ ቁጥር፤ ሰ. የገባው ብር፤ ሸ. ብሩ የገባበት ቀን። ኤክሴሉ ላይ እነዚህ ከ`A` እስከ `H` ናቸው።

ሁኔታ ላይ የሚጻፈው ከአራት ቃል አይበልጥ፦ ጠየቀ፣ ተስማማ፣ ከፈለ፣ መለሰ። መለሰ የሚባለው የገዛውን በርኖስ የመለሰ ነው። ሻጩ እንደ ስሜቱ «ሊገዛ ነው»፣ «እያሰበበት ነው»፣ «ነገ ይልካል» እያለ ከጻፈ በኋላ መቁጠር አይቻልም።

«ከፈለ» የሚጻፈው መቼ እንደሆነ ደግሞ ሳያወላዱ ይወስኑ። ደንበኛው ስክሪንሾት ሲልክ አይደለም። ስክሪንሾት በፎቶ ማስተካከያ የሚሠራ ነገር ሆኗል፤ እውነተኛው እንኳ ሌላ ሒሳብ ላይ የገባ ሊሆን ይችላል። ከፈለ የሚባለው የገቢ መልእክቱ በእርስዎ ስልክ ሲደርስ ወይም ብሩ በሒሳብዎ ላይ ሲታይ ነው። ያን ጊዜ የግብይት ቁጥሩን «ረ» ላይ ይቅዱ። የንግድ ባንክ ዝውውር ከሆነ በ`FT` የሚጀምረው ነው፤ ቴሌብር ከሆነም መልእክቱ ላይ የግብይት ቁጥር አለው። ይህ ቁጥር ሁለት ጊዜ ከተገኘ አንዱ ሰው በሁለት ረድፍ ተመዝግቧል ማለት ነው፤ ሜሴንጀር ላይ አንድ፣ ቴሌግራም ላይ አንድ። በርኖሱ ሲደርስ ነው የምከፍለው ያለ ደንበኛ እስከዚያው «ተስማማ» ላይ ይቆያል።

አንዱን ንግግር ቀርበን እንየው። ጥቅምት 5 ማታ 2 ሰዓት ላይ ሜሴንጀር ይገባል፦ «የበርኖሱን ዋጋና መጠን ይላኩልኝ 42»። ሻጩ ረድፍ ይከፍታል፦ ጥቅምት 5፣ 42፣ ሜሴንጀር፣ ጠየቀ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ 4,000 ብር ነው። ለርስዎ ነው ወይስ ለሌላ ሰው?»
«ለአባቴ ነው፣ ረዘም ያሉ ናቸው። ትንሽ አይቀንስም?»
«ሱፉ ጥሩ ነው እህቴ፣ መላኪያውን እኔ ልቻልዎት።»
«እሺ፣ ደመወዝ ሲወጣ እልካለሁ።»

ሁኔታው «ተስማማ» ይሆናል። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ጸጥታ። ጥቅምት 14 ቴሌግራም ላይ ስክሪንሾት ይመጣል፣ ብሩም ይገባል። ሻጩ አዲስ ረድፍ አይከፍትም፤ ወደ ጥቅምት 5ቱ ረድፍ ተመልሶ የግብይት ቁጥሩን፣ 4,000 እና «ጥቅምት 14»ን ይሞላል። ይህ ሽያጭ የጥቅምት 5 ማስታወቂያ ልጅ ነው። በጥቅምት 14 ሒሳብ ላይ ከተጻፈ ያን ቀን ለነበረው ማስታወቂያ ያልሠራውን ይሰጠዋል፣ የጥቅምት 5ቱንም ገንዘብ እንደበላ ያስቆጥረዋል።

ከዚህ የተነሣ የአንድ ሳምንት ማስታወቂያ ሳምንቱ እንዳለቀ አይመዘንም። ስንት ቀን ይጠበቅ ለሚለው የራስዎ ደብተር ይመልሳል፦ ለከፈሉት ሁሉ ከ«ሸ» ላይ «ሀ»ን ይቀንሱ፣ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደርድሩ፣ ከአሥር ዘጠኙ የከፈሉበትን ቀን ይዩ። እዚህ 14 ቀን ወጣ እንበል። ስለዚህ ከጥቅምት 3 እስከ 9 የሄደው ማስታወቂያ የሚዘጋው ጥቅምት 23 ነው።

በየሳምንቱ አንድ ቀን ደግሞ ደብተሩን ከባንክና ከቴሌብር የገቢ ዝርዝር ጋር ያመሳክሩ። ብር ገብቶ ረድፍ የሌለው ካለ ሻጩ የረሳው ሽያጭ ነው። «ከፈለ» ተብሎ ብር የሌለው ካለ ደግሞ ስክሪንሾት ታምኗል።

ወጪው በብር ስንት ነው?

ብዙ ሰው ማስታወቂያውን ቡስት የሚያስደርገው የዶላር ካርድ ባለው ወኪል በኩል ስለሆነ `Ads Manager` ላይ ያለው ዶላር በባንክ ምንዛሪ ቢመታ እውነተኛውን ወጪ አይሰጥም። ለወኪሉ የሰጡትን ብር በተሞላልዎ ዶላር ያካፍሉ። 40,000 ብር ሰጥተው 200 ዶላር ከተሞላ የእርስዎ አንድ ዶላር 200 ብር ነው። ማስታወቂያው 30 ዶላር ከበላ ወጪው 6,000 ብር ነው፤ ያልተነካው ዶላር ገና ወጪ አይደለም።

ሌላ የተደበቀ ነገር አለ። ወኪሉ የማስታወቂያ አካውንቱን ሲከፍት የሰዓት አቆጣጠሩን የአሜሪካ አድርጎት ሊሆን ይችላል። በሎስ አንጀለስ ሰዓት ከሆነ የፌስቡክ «ቀን» የሚለወጠው በእኛ ከጠዋቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ ነው። ያኔ የዕለቱ ወጪና የደብተሩ ዕለት አይገጥሙም። ሰዓቱን ለመቀየር አዲስ አካውንት ማስከፈት ስለሚጠይቅ ቀን በቀን አያወዳድሩ፤ ሳምንት በሳምንት ይደምሩ፣ ስሕተቱ ጠርዝ ላይ ብቻ ይቀራል። ደብተሩ በኢትዮጵያ ቀን ከሆነ ደግሞ የሳምንቱን መጀመሪያና መጨረሻ በፈረንጅ ቀን ገጹ ራስ ላይ ይጻፉት።

ስሌቱ

ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የተቀመጡ ናቸው። 41 በርኖሱን ለብሶ ብርድ ውስጥ የቆመ ሰው የሚያሳይ ቪዲዮ ነው፤ ዋጋ የለውም፣ «ዋጋ በውስጥ መስመር» ይላል። 42 ፎቶ ነው፣ 4,000 ብር ብሎ በትልቁ ጽፏል። ከአንዱ በርኖስ ላይ ሱፉ፣ ስፌቱ፣ ኪራዩና መላኪያው ተነሥቶ ለሱቁ 1,100 ብር ይቀራል።

ሁለቱ ማስታወቂያዎች በተለያየ `Ad set` ውስጥ፣ ለየራሳቸው እኩል ባጀት ተይዞላቸው ይሂዱ። በአንድ `Ad set` ከተቀመጡ ፌስቡክ ገንዘቡን ራሱ ርካሽ ንግግር ወዳመጣው ያዞረዋል፣ ማወዳደሪያውም ያኔ ያበቃል።

የመጀመሪያው ሳምንት እያንዳንዳቸው 6,000 ብር በሉ። ፌስቡክ እንደሚለው 41 ያመጣው 120 ንግግር ነው፣ አንዱ በ50 ብር። 42 ያመጣው 48 ንግግር ነው፣ አንዱ በ125 ብር። `Ads Manager`ን ብቻ የሚያይ ሰው 42ን ያጠፋል።

ጥቅምት 23 ደብተሩ ሲዘጋ ከጥቅምት 3 እስከ 9 የተጀመሩት ረድፎች ብቻ ወደ ሌላ ገጽ ተቀድተው በሚከተለው ይቆጠራሉ፦

```
=COUNTIFS(B:B,41,E:E,"ከፈለ")
=COUNTIFS(B:B,42,E:E,"ከፈለ")
```

41 የሸጠው 5 ነው፣ 42 ደግሞ 9። ለ41 አንዱ ሽያጭ 1,200 ብር ፈጅቷል፤ ከሚያተርፈው 1,100 ይበልጣል፣ ስለዚህ በእያንዳንዱ በርኖስ 100 ብር እየከሰረ ነው የሸጠው። ለ42 ግን 667 ብር ገደማ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ዋጋ የሌለው ማስታወቂያ የሚያጽፈው ሁሉንም ነው፤ 1,500 ብር ይሆናል ብሎ የገመተውንም። ያ ሰው 4,000 ሲባል «እሺ እናመሰግናለን» ብሎ ይሄዳል። ዋጋ የተጻፈበት ላይ ግን ያ ሰው መጀመሪያውኑ አይጽፍም። ፌስቡክ ደግሞ ሽያጩን ስለማያይ የጻፉትን እያየ እነሱን የሚመስሉትን ይፈልጋል፤ 41 በሄደ ቁጥር ጠያቂ ወደሆኑ ሰዎች ይበልጥ ይገፋል። «ዋጋ በውስጥ መስመር» ያለ ነጋዴ ባጀቱን ለጠያቂዎች ነው የሚያውለው፤ የሻጩም ቀን «ስንት ነው?»ን ሲመልስ ያልፋል።

እዚህ ላይ ግን ቸኩሎ 41ን መዝጋት አይገባም። 5 ለ 9 ትንሽ ቁጥር ነው። አንድ ሳንቲም 14 ጊዜ ቢወረውሩ 9 ለ 5 ወይም ከዚያ የባሰ ልዩነት ከአሥር አራት ጊዜ ያህል በአጋጣሚ ብቻ ይወጣል። ጥቅምት 23 እስኪደርስ ግን ማስታወቂያዎቹ ሁለተኛና ሦስተኛ ሳምንታቸውን በእኩል ባጀት ሄደዋልና እነሱም እስኪዘጉ መጠበቅ ነው። ኅዳር 7 ላይ እያንዳንዳቸው 18,000 ብር በልተዋል፣ 41 የሸጠው 14 ነው፣ 42 ደግሞ 31። ወጪው እኩል ሆኖ 14 ለ 31 በሳንቲም የሚወጣው ከመቶ ሁለት ጊዜ ገደማ ነው። አሁን ይወሰናል። 41 ያስገባው ትርፍ 15,400 ሆኖ ከወጪው 2,600 ብር ይጎድላል፤ 42 34,100 አስገብቶ 16,100 ብር ተርፎታል።

ኮድ የሌላቸው ረድፎች

የቱንም ያህል ቢጠነቀቁ «ለ» ላይ ባዶ የሚቀር ረድፍ አለ። ባዶ አይተዉት፣ በግምትም አይሙሉት፤ 0 ይጻፉበት። ከዚህ በፊት የገዛ ደንበኛ ሲመለስ ደግሞ 9 ይጻፉና አዲስ ረድፍ ይክፈቱለት። 0 እና 9 ተለይተው መቀመጣቸው ይጠቅማል፤ አንዱ የማይታወቅ ነው፣ ሌላው የሚታወቅ የቆየ ሰው።

0 ላይ ያሉት ሽያጮች ውሳኔውን ይለውጡ እንደሆነ የሚፈተነው እንዲህ ነው፦ ሁሉንም ለተሸናፊው ይስጡት። የመጀመሪያው ሳምንት 0 ላይ 3 ሽያጭ ነበር እንበል። ሦስቱም ለ41 ቢሰጡ 8 ይሆናል፣ አንዱም በ750 ብር ይወጣለታል፤ 42 አሁንም በ667 ይበልጠዋል። ተሸናፊው ሁሉንም ተሰጥቶት ካልደረሰ 0ዎቹ አያሳስቡም። ከደረሰ ግን መረጃው አይበቃም፣ ኮዱ የሚጠፋበትን ቀዳዳ መድፈን ይቀድማል። ልምድ ላለው ሻጭ ከሽያጮቹ መካከል ከአምስት አንዱ 0 ከሆነ ብዙ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ወደ ቴሌግራም ሲዛወር ስልክ ቁጥር እየተሰጠ መሆኑ ነው።

ያለ ማስታወቂያውስ ይሸጥ ነበር?

ኮዱ ሰውየው በየት በር እንደገባ ይናገራል እንጂ በሩ ባይኖር ይቀር እንደነበር አይናገርም። በርኖስ ላይ ይህ ከባድ ጥያቄ ነው፤ የጥቅምት ውርጭ ሲወርድ ማስታወቂያ ባይኖርም ሰው ይጠይቃል። «በመስከረም ያለ ማስታወቂያ 10 ሸጥን፣ በኅዳር ከማስታወቂያ ጋር 30፣ ስለዚህ 20ው የማስታወቂያ ነው» የሚል ስሌት ብርዱን ለፌስቡክ ይሰጠዋል።

የሚሻለው ማፈራረቅ ነው። አንድ ሳምንት ያብሩ፣ አንድ ሳምንት ያጥፉ፣ እንደገና ያብሩ፣ ያጥፉ፤ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት። ብርዱ በሁለቱም ላይ በእኩል ይወርዳል። ከዚያ በኮድ ሳይሆን ጠቅላላ ሽያጩን ያወዳድሩ፣ 0 እና 9ን ጨምረው፣ ሁልጊዜም ንግግሩ በተጀመረበት ሳምንት። የበራባቸው ሳምንታት በአማካይ 16፣ የጠፋባቸው 9 ከሆኑ ማስታወቂያው በሳምንት 7 ሽያጭ ጨምሯል፤ ኮዱ 12 ቢልም 5ቱ ያለ እሱም ይመጡ ነበር። የተገላቢጦሹም ይከሰታል፦ 0 እና 9 በበራው ሳምንት ከፍ ካሉ ማስታወቂያው ኮዱ ያልያዘለትን ሽያጭ እየሠራ ነው። ሁለት ጥንቃቄ፦ በበራው ሳምንት አይቶ በጠፋው የሚጽፍ ሰው ስላለ የየሳምንቱን የመጀመሪያ ሁለት ቀን ከቆጠራው ያውጡ፤ እንደ ገና ያለ በዓል የሚውልበትን ሳምንት ደግሞ ከነጥንዱ ይተዉት።

በሳምንት ከአምስት በታች የሚሸጥ ሱቅ ይህን ቢሞክር የሚያየው የአጋጣሚ መውጣትና መውረድ ነው። ለእሱ ከኮዱ አልፎ መሄድ አያዋጣም።

ሽያጩን ለፌስቡክ መልሶ መንገር

ፌስቡክ ጠያቂ ሳይሆን ገዢ እንዲፈልግ ከተፈለገ ማን እንደገዛ ሊነገረው ይገባል። ይህ የሚሠራው በ`Conversions API` ነው፣ ፕሮግራም የሚጽፍ ሰውም ይፈልጋል። በሜሴንጀር የገዛው ሰው የሚለየው ለገጹ በሚሰጠው የተጠቃሚ ቁጥር ነው። በዋትስአፕ ኤፒአይ ከሆነ ከማስታወቂያ በመጣው መልእክት ላይ `referral` የሚባል ክፍል አለ፤ በውስጡ የማስታወቂያው ቁጥር `source_id` እና `ctwa_clid` የሚባል መለያ ይገኛሉ። ሰዎች የሚሳሳቱት ይህን ለመያዝ ሽያጩ እስኪያልቅ በመጠበቅ ነው። መለያው ከዚያች መልእክት ጋር እንጂ ከሚቀጥሉት ጋር አይመጣምና በደረሰበት ሰዓት ደብተሩ ላይ አንድ ዓምድ ተጨምሮለት ይቀመጥ። ብሩ ሲገባ `Purchase` ተብሎ ከገባው ብር ጋር ይላካል፣ ከገባ በ7 ቀን ውስጥ። ከኮድ 41 ወይም 42 በቀጥታ ወደ ቴሌግራም የሄደ ሰው ግን ይህን መለያ አይዝም፤ የእሱ ሽያጭ በደብተሩ ላይ ብቻ ይኖራል።